ለትኩሳት የሚሸጠውን «ሙሉ ሕክምና» እንዳትገዙ

ድሬዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ለትኩሳት ኪኒን እንዳትገዙ። ሰሞኑን በየሰፈሩ አንድ ጥቅል እየተሸጠ ነው። ሦስት ፍሬ አዚትሮማይሲን፣ በመቀስ ተቆርጦ የተሰጠ ስምንት ፍሬ አሞክሳሲሊን፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ለሕመም የሚወጋ ዳይክሎፌናክ። በፌስታል ጠቅልለው «ሙሉ ሕክምና ነው» ይሏችኋል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ክልክል ቢሆንም ማዘዣ የሚጠይቅ የለም። ደም የሚያይም የለም። ጎረቤቴ ለልጇ 780 ብር ከፍላ ገዝታዋለች። የጠፋው ብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ያንን ብትተዉ ያንኑ ጥቅል ሁለት መንገድ አለፍ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ሐኪሙ የላከውን ደምና ሽንት እያየሁ ውስጡ ያለውን መናገር ነው ሥራዬ።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ትኩሳቱ ድንገት ነው የያዘው። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ዓይኑን ከበስተኋላው ያመዋል፣ አጥንቴ ተሰባበረ ይላል። በሦስተኛው ቀን እናቱ ሱቅ ሄደች። ሻጩ ገና ሳትጨርስለት «አንቺ፣ ይሄማ ታይፎይድና ታይፈስ ነው! ሰዉን ሁሉ ይዞታል። በሦስት ቀን ይለቀዋል» አላት። (ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ እሱ አይደለም የከፋኝ።) እውነትም በሦስት ቀኑ ትኩሳቱ ለቀቀው። ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒቱን አመሰገነ።

በማግስቱ ሆዱን አጥብቆ ያዘው። ያስመልሰው ጀመር። አፉን ሲያጸዳ ድዱ ደማ። ሆስፒታል ሲደርስ ደም የሚያረጉት ሴሎች፣ ፕላትሌት የምንላቸው፣ ከ150,000 በላይ መሆን ሲገባቸው 31,000 ወርደው ተገኙ። ደንጊ ነበር። ግሉኮስ ተደርጎለት፣ ቀን ከሌሊት እየታየ ዳነ፣ ተመስገን። እናቱ ሱቁ ተመልሳ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ትኩሳቱ ለቀቀው አይደል እንዴ?» የሚል ነው። እኔን ያናደደኝም ያስጻፈኝም ይቺ መልስ ናት።

ደንጊ ቫይረስ ነው። ለድሬም አዲስ አይደለም። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የደንጊ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተነሳው ነው። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ መጥቶ ስንቱን አልጋ ላይ እንዳስቀረ ታስታውሳላችሁ። እሱም ቫይረስ ነው። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን ቀን የምትነክሰዋ ትንኝ ናት፤ የምትራባውም ውኃ ሲጠፋ ብለን ባጠራቀምንበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ግድግዳውን በማበላሸት ነው። ባክቴሪያ ከውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል ይህን ግድግዳ እየቆረጠ እየቀጠለ ማስፋት አለበት። የሚቀጥልለት ደግሞ አንድ ኢንዛይም ነው። አሞክሳሲሊን እዚያ ኢንዛይም ላይ ይጣበቅና ሥራውን ያስቆመዋል። ግድግዳው ሲሳሳ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያውም ተወጥሮ ይፈነዳል። የእኛ ሴሎች እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌላቸው መድኃኒቱ እነሱን አይነካም። አዚትሮማይሲን መንገዱ ሌላ ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይዘጋበታል። ራይቦዞም እኛም አለን፤ ግን የባክቴሪያው ከእኛ የተለየ ቅርጽ ስላለው መድኃኒቱ የእሱን ለይቶ ይይዛል።

የደንጊ ቫይረስ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ግድግዳ የለውም፣ ራይቦዞምም የለውም። ጥቂት ዘረመል በፕሮቲንና በስስ የስብ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ በቃ እሱ ነው። የራሱ ምድጃ የሌለው፣ ሰው ቤት ገብቶ በሰው ድስት የሚያበስል እንግዳ በሉት። ሴላችን ውስጥ ይገባና በእኛው ራይቦዞም ራሱን ያባዛል። አዚትሮማይሲን ደግሞ የእኛን ራይቦዞም እንዳይነካ ተብሎ ነው የተመረጠው። ስለዚህ ኪኒኑን እጥፍ አድርጋችሁ ብትውጡትም ቫይረሱ ጋ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ጉንፋንም፣ ኢንፍሉዌንዛም ያው ነው። «ጠንከር ያለውን ስጠኝ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ሴፍትሪያክሶን በመርፌ ቢወጋም ለቫይረስ ምንም ማለት አይደለም።

ታዲያ ትኩሳቱ ለምን ለቀቀው? የደንጊ ትኩሳት በራሱ ጊዜ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ይወርዳል። ሰው ሱቅ የሚሄደው ደግሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ሲብስበት ነው። የሦስት ቀን መድኃኒት ሲጨምርበት ስድስት ቀን ሞላ። መድኃኒት ባይገዛም ትኩሳቱ የሚወርድበት ቀን ነው። ሻጩ «በሦስት ቀን ይለቀዋል» ሲል ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ሥራውን የሠራው ሰውነት ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ኪኒኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይሄ ነው። ደንጊ ላይ አደገኛው ሰዓት ትኩሳቱ የሚወርድበት ሰዓት ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ በዚያን ጊዜ የደም ሥር ያፈሳል፣ የደሙ ፈሳሽ ከሥሩ እየወጣ ሆድና ሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያህል በቅርብ መታየት ያለበት ያኔ ነው። ያንን የሱቅ ጥቅል ያመነ ቤት ግን ያኔ «ተሻለው» ብሎ ተኝቷል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ፕላትሌት ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ጨጓራንም ያቆስላል። ለመድማት የተቃረበ ሰው ላይ እሱን መውጋት ምን የሚሉት ሕክምና ነው አቦ?

ሁለተኛው ጉዳት ወዲያው አይታይም። አንጀታችን ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ አብዛኛዎቹ የማይጎዱን። ቫይረስ ለመግደል የዋጣችሁት አንቲባዮቲክ ቫይረሱን ባያገኘውም እነሱን ያገኛቸዋል። አንዳንድ ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት ዘረመሉን ሲገለብጥ ስህተት ይገባል። አልፎ አልፎ ስህተቱ ይጠቅመዋል። አንዳንዱ ደግሞ አሞክሳሲሊንን ቆርጦ የሚጥል ኢንዛይም የሚሠራበት ዘረመል ቀድሞውኑ ይዟል። መድኃኒቱ ይህን ችሎታ አይፈጥርለትም። ጎረቤቶቹን ገድሎ ቦታውንና ምግቡን ይለቅለታል እንጂ። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚል ሰው ይመጣል፤ የለመደው ግን ሰውነቱ አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። ስለዚህ ከእናንተ ወደ ልጃችሁ፣ ወደ ሚስታችሁ በእጅና በምግብ ይሻገራል።

ይባስ ብሎ ባክቴሪያዎች ይህን ዘረመል እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ ቀለበት ላይ ተቀምጦ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ዝርያው ወደማይመሳሰለው ጭምር ያልፋል። አንዷ ቀለበት ላይ የሦስትና የአራት መድኃኒት መከላከያ ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል። በዚህ የተነሳ አሞክሳሲሊን ብቻ የዋጠ ሰው ጋ ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክም የማይነካው ባክቴሪያ ይነግሣል። አዚትሮማይሲን ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ኪኒኑ ካለቀ በኋላም በትንሽ መጠን ለቀናት ይቆያል፤ ያ መጠን ደካማውን ባክቴሪያ እየገደለ ጠንካራውን የሚያሳልፍ ነው።

የልጁ እናት ከተረፈው አሞክሳሲሊን ጉሮሮዋን ሲከረክራት አራት ፍሬ ውጣ ነበር። ከወራት በኋላ ሽንቷን ያቃጥላት ጀመር። ይሄኛው የእውነት የባክቴሪያ በሽታ ነው፣ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው። ሽንቷ ካልቸር ተደረገ። ባክቴሪያው ሳህን ላይ ይዘራል፣ በላዩ መድኃኒት የተነከሩ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ወረቀቶች ይቀመጣሉ፣ በ35 ዲግሪ ያድራል። ጠዋት ላይ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይታያል። የእሷ ሳህን ላይ በአምፒሲሊን ወረቀት ዙሪያ ባዶ ቦታ የሚባል የለም። ባክቴሪያው ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። (አምፒሲሊን የማይገድለውን አሞክሳሲሊንም አይገድለውም።) ኮትሪሞክሳዞልም ያው። ሲፕሮፍሎክሳሲን 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፈተ፣ አይበቃም። ናይትሮፉራንቶይን ነበር የቀረላት፤ እሱ 20 ከፈተ፣ በእሱ ዳነች። ይህን ያመጣው ያቺ አራት ፍሬ ናት ብዬ መማል አልችልም፤ ከሌላ ሰውም ሊተላለፍባት ይችላል። ግን በየቤቱ እንዲህ አራት አራት ፍሬ ነው የሚዋጠው።

ምን ታደርጉ? ትኩሳት ሲይዛችሁ መጀመሪያ የወባ ምርመራ አድርጉ። ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው፣ በሩብ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ድሬ ውስጥ ወባን የምታስተላልፍ፣ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ሌላ ትንኝ ስላለች ይህን መዝለል አይቻልም። ወባ ካልሆነ የደም ሴል ቆጠራና፣ ካለ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት የሚሠራውን የደንጊ ምርመራ ጠይቁ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻውን «ፖዘቲቭ» ቢልም ሐኪም ሳያየው አትመኑበት። ድሮ የያዛችሁ ነገር ወይም ሌላ ባክቴሪያ ያንን ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ እኔው ራሴ እየሠራሁት ነው ይህን የምላችሁ። ሐኪም አንቲባዮቲክ ካዘዘ ለየትኛው በሽታ እንደሆነና ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቃችሁ ሙሉውን ግዙ። በፍሬ አትግዙ፣ የተረፈም ለጎረቤት አታካፍሉ።

ደንጊ ከተጠረጠረ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ፣ ፈሳሽ በብዛት። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን እንዳትነኩ። ትኩሳቱ ወርዶ ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ማስመለስ ካላቆመ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሰውዬው ከፈዘዘ ወይም ከተቅበጠበጠ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ከሱቅ የተወሰደውንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።