ጉልበቴን ላተረፈልኝ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ትናንት የመስቀል አደባባይን ደረጃ ሳልይዝ፣ ሳልደገፍ ወረድኩ። ይህ ምኑ ይወራል የሚል ሰው ጉልበቱን አሞት አያውቅም። እኔን ዓመት ሙሉ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር የቀኝ ጉልበቴ ከፊት በኩል ይወጋኝ ነበር።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ጉልበቴ እንኳን ሳይነካ «በ46 ዓመትሽ ሩጫ ምን ያደርግልሻል?» ተብዬ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ሌላው፣ አሠልጣኝ ነኝ ባይ፣ በደቂቃ 180 እርምጃ ካልረገጥሽ አለኝና በአንድ ቀን አሯሯጤን አስለወጠኝ። በሳምንቱ በጉልበቴ ላይ የባት ሕመም ተጨመረልኝ። ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

ስታዲየም አካባቢ የሚሠራው ይህ ልጅ ግን «ሲሮጡ ሳላይዎት ምንም አልልም» ብሎ ጠዋት 12 ሰዓት አደባባዩ ላይ ተገኘ። በተለመደው ፍጥነቴ፣ ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ፣ ስሮጥ ቀኝ እግሬ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቆጠረ። 39 ሆነ፤ በአራት ሲባዛ በደቂቃ 156 እርምጃ ማለት ነው። እግሬ ከሰውነቴ ርቆ ወደፊት እያረፈ ጉልበቴ ላይ ጫና እንደሚያበዛም በስልኩ ቀርፆ አሳየኝ።

180ውን ስነግረው ሳቀ። ቁጥሩ የታወቀው ጃክ ዳንኤልስ የተባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ፣ እኛ ባልተሳተፍንበት ማለት ነው፣ የታላላቅ ሯጮችን እርምጃ ቆጥሮ ነው አለኝ። እነርሱ የሚሮጡት በውድድር ፍጥነት ነው፤ እኔ በ7 ደቂቃ!

ለእኔ የሰጠኝ አምስት በመቶ ጭማሪ ብቻ ነበር፤ 164። ፍጥነቴ ካልተለወጠ እርምጃዬ ከ92 ወደ 87 ሴንቲ ሜትር ግድም ያጥራል። በደቂቃ 164 ጊዜ ድምፅ እያሰማ እርምጃ የሚያስጠብቅ የምት መቁጠሪያ ስልኬ ላይ ከጫነልኝ በኋላ ጆሮዬ አልይዝ ሲለው፣ አጠገቤ እየሮጠ ልክ እንደ መዝሙር ቤት አጨበጨበልኝ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። እርሱ ምን ገዶት! ያቺን ጭብጨባ አልረሳትም።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ ርቀት ሳልጨምር፣ አንድ ደቂቃ በምቱ ሁለት ደቂቃ በራሴ እያልኩ ስድስት ጊዜ እደጋግም ነበር። ሕመሙን ከአሥር እየሰጠሁ ስሮጥም በማግስቱ ጠዋትም እጽፋለሁ። ከሦስት ካለፈ፣ ወይም ባቴና ቋንጃዬ ጠዋት ግትር ካለ፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ከጉልበት የወረደው ጫና በከፊል ወደ ባት ሊሄድ ስለሚችል ነው አለኝ፤ ያኛው ሰውዬ የጎዳኝም በዚህ ነበር።

«ትንፋሽስ ይቆጥብልኛል ልጄ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አልዋሽዎትም፤ ሰውነት ብዙውን ጊዜ ቆጣቢውን እርምጃ ራሱ ያገኘዋል። መጀመሪያ እንዲያውም ይከብድዎታል» አለኝ። ዳግመኛ አይጎዱም ብሎም ቃል አልገባልኝም። የጉልበቱን ጫና መቀነሱ እርግጥ ነው፣ ጉዳትን መከላከሉ ግን ገና አልተረጋገጠም አለ። እንዲህ የሚናገር ባለሙያ ስንት ዓመት ፈልጌ ነበር!

በስድስተኛው ሳምንት ሕመሙ ከአምስት ወደ አንድ ወረደልኝ። እባካችሁ ጉልበታችሁን የምታስታምሙ ሁሉ ሂዱለት። ስሙንና ስልኩን እርሱን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። የጠዋቷን ሩጫ ሒሳብ እስካሁን አልተቀበለኝም፤ ከሄዳችሁ እንደምከፍለው ንገሩልኝ።