«ሁሉም ገጽ በአንድ ዋጋ፣ ጥረዛው በነጻ» ሲሏችሁ ቆም በሉ

መመረቂያ ጽሑፋችሁን ልታሳትሙ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ይቺን ሳታነቡ ፍላሻችሁን ለኮፒ ቤት እንዳትሰጡ። ሰሞኑን ጓደኛዬ አንድ ኮፒ ቤት ሄዳ «ከለርም ይሁን ጥቁር ሁሉንም ገጽ በአንድ ዋጋ እንሠራልሻለን፣ ጥረዛው ደግሞ በነጻ ነው» ተባለች። ሲሰሙት ደስ ይላል። ከለር ውድ መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ ከለሩ ሲረክስለት የጥቁሩ ዋጋ መወደዱን ልብ አይልም። የምትበሉት ግን እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የሚበዛው ጥቁሩ ገጽ ነዋ!

ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ገንዘቡን ትቼ በንጽጽር ላስላው። የአንድ ጥቁር ገጽ ዋጋ 1 ነው እንበል። የከለሩ 8 ይሁን። በጠንካራ ሽፋን አንድ ቅጂ ማስጠረዝ ደግሞ 60። የጓደኛዬ ጽሑፍ 120 ገጽ ነው፣ የምትፈልገውም 5 ቅጂ። ከነዚህ 120 ገጾች ውስጥ ያለ ከለር የማይነበቡት 14 ብቻ ናቸው፣ ካርታዎችና ጥቂት ግራፎች። የቀሩት 106 ጽሑፍና ሠንጠረዥ ናቸው።

ለየብቻ ሲሰላ ጥቁሩ 106፣ ከለሩ 14 ጊዜ 8 ማለትም 112፣ አንድ ላይ 218 ይሆናል። ጥረዛው ሲጨመርበት አንዱ ቅጂ 278፣ አምስቱ 1390 ይመጣል። አሁን ወደ «ቅናሹ» እንሂድ። ለሁሉም ገጽ የጠየቋት 3 ነው። 120 ጊዜ 3፣ 360። አምስቱ ቅጂ 1800። ስለዚህ በነጻ የተባለውን ጥረዛ ሙሉ ዋጋውን ከፍላ፣ በላዩ 410 ትጨምራለች ማለት ነው። ይህ ቅናሽ አይደለም፣ እና እንደ ቅናሽ ተደርጎ ለተማሪ መቅረቡ በጣም ያናድደኛል። ተማሪው የሚመጣው ማስረከቢያው ቀን ደርሶበት፣ ለማስላት ጊዜ ሳይኖረው ነው።

ሁሌ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ያው ጽሑፍ 50 የከለር ገጽ ቢኖረው ጥቁሩ 70፣ ከለሩ 400፣ ጥረዛው 60፣ አንዱ ቅጂ 530 ይደርሳል። ያን ጊዜ 360 ሲሏችሁ ሳታቅማሙ ተቀበሉ። ዋናው የራሳችሁን አማካይ ማወቅ ነው። የአንድ ቅጂ ሙሉ ወጪ፣ ጥረዛውን ጨምሮ፣ ለገጹ ብዛት ይካፈል። በጓደኛዬ ጽሑፍ 278 ለ120 ሲካፈል 2.3 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቃት ማንኛውም «አንድ ዋጋ» ያከስራታል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይጠቅማታል። ጥረዛው ለብቻው የሚከፈል ከሆነ ደግሞ 218ን ለ120 አካፍሉ፣ 1.8 ገደማ ይመጣል።

«እሺ፣ ለየብቻ አስቡልኝ» ብትሉም ሁለተኛ ጉድ አለ። ከለር ገጽ ስንት እንደሆነ የሚቆጥረው ማነው? ብዙ ጊዜ ማሽኑ ነው። ትልልቆቹ የከለር ማሽኖች ለጥቁርና ለከለር የተለያየ ቆጣሪ አላቸው፣ እና ማሽኑ ከለሩን ራሱ እንዲለይ ከተተወ ገጹ ላይ ትንሽ ቀለም ካገኘ ሙሉውን ገጽ በከለር ይመዘግበዋል። አንዲት ሰማያዊ ሊንክ ትበቃለች። ገጹ አናት ላይ የተደረገ ባለቀለም አርማ ካለማ አለቀ፣ እያንዳንዱ ገጽ ከለር ሆነ ማለት ነው። በዓይን ጥቁር የሚመስል ስካን የተደረገ ሰነድም ከለር ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በጓደኛዬ ፋይል ውስጥ የማጣቀሻ ሊንኮቹ ሰማያዊ እንደሆኑ ቀርተው ነበር፤ በነሱ ምክንያት ብቻ 41 ገጽ ይጨመራል። 14 የነበረው ከለር 55 ሆነ ማለት ነው። ጥቁሩ 65፣ ከለሩ 440፣ ጥረዛው 60። አንዱ ቅጂ 565፣ አምስቱ 2825። ከትክክለኛው ሂሳብ ከእጥፍ በላይ፣ ያውም ማንም ሊያየው ለማይፈልገው ሰማያዊ ቀለም።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ሊንኮቹን ጥቁር አድርጉ፣ በየገጹ ያለውን አርማም ወይ አንሱት ወይ ጥቁር አድርጉት። ከዚያ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ገጾቹን በትንንሹ እየደረደራችሁ ተመልከቱ። ቀለም ያለበት ገጽ ወዲያው ይታያችኋል።

ኮፒ ቤት ስትደርሱ «ከለሮቹን እናንተው ለዩ» አትበሉ። ዝርዝሩን ራሳችሁ ጽፋችሁ ስጡ፣ የቀረውን በሙሉ በጥቁር እንዲያትሙትም ንገሯቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የገጽ ቁጥርና ፋይሉ የሚቆጥረው ቁጥር አንድ አይደለም። የሽፋን ገጹ፣ ምስጋናውና ማውጫው 12 ገጽ ከወሰዱ፣ «ገጽ 40» የሚለው ካርታ ፋይሉ ውስጥ 52ኛ ነው። 40 ብላችሁ ከሰጣችኋቸው ካርታው በጥቁር ይወጣል፣ አንድ ተራ ጽሑፍ ደግሞ በከለር ዋጋ ይታተማል። ዝርዝሩ በፋይሉ ቁጥር ይሁን፣ እንዲህ፦

```
31, 52-55, 78
```

ዋጋ ስትጠይቁ «በገጽ ነው በቅጠል?» በሉ። ፊትና ጀርባ ሲታተም አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ ነው፣ እና አንዳንዱ በቅጠል ነግሮ በገጽ ያስከፍላል። ፊትና ጀርባ ስላሳተማችሁም ወጪው በግማሽ አይወርድም፤ የሚቀንሰው ወረቀቱ ነው እንጂ ቀለሙ ያው ነው። ከጥረዛው ዋጋ ውስጥ የወርቅ ቀለም ጽሑፉና የጀርባው ጽሑፍ ይካተቱ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። ሽፋኑ አልቆ ከቀረበ በኋላ «ይሄ ለብቻው ነው» የሚሉ አሉ።

ለሙከራ መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ይታተም። «ይሄ ሁሉ በከለር ነው የወጣው» ካሏችሁና ከተጠራጠራችሁ፣ የጥቁር ጽሑፍ ገጽ አንሡና የስልካችሁን ካሜራ ፊደሉ ላይ በጣም አቅርቡ። የፊደሉ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ነጠብጣብ ካያችሁ ጥቁሩ የተሠራው ከቀለም ቅልቅል ነው፣ ገጹ በከለር ታትሟል ማለት ነው። ጠርዙ ጥርት ያለ ጥቁር ከሆነ ግን የከለር ዋጋ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም፣ ቆጣሪውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

ከለሩና ጥቁሩ በተለያየ ማሽን ከታተሙ ደግሞ የከለር ገጾቹ በእጅ ነው የሚሰገሰጉት። በጓደኛዬ ሁኔታ 14 ገጽ በ5 ቅጂ፣ 70 ወረቀት ማለት ነው። አንዱ ተገልብጦ ወይም ቦታው ተለዋውጦ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጂ ሳይጠረዝ እዚያው ቆማችሁ ገልብጡ፣ ግራው ጠርዝ ላይ ለጥረዛ የሚሆን ሦስት ሴንቲሜትር ከምናምን ቦታ መኖሩንም እዩ፣ አለበለዚያ ጽሑፉ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ጠንካራ ሽፋን አንዴ ከተለጠፈ አንድ ገጽ መቀየር ማለት ቅጂውን በሙሉ እንደገና ማስጠረዝ ነው። ስህተቱ የነሱ ከሆነ በማን ወጪ እንደሚስተካከል ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፦ የጥቁር ገጽ ብዛትና ዋጋ፣ የከለር ገጽ ብዛትና ዋጋ፣ ጥረዛ በቅጂ። ይህን ለያይተው ለመጻፍ እምቢ ካሏችሁ ፍላሻችሁን ነቅላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።