ውክልናው ከተሻረበት ሰው ጋር የፈረምኩት ውል፤ ኮምቦልቻ ላይ በርና መስኮት ለምታሠሩ ሁሉ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ባዶ እጄን ወደ ደሴ ተመልሻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ንዴቱ ገና ሳይበርድልኝ ነው። ገራዶ በኩል የሠራሁት ቤት በሮቹና መስኮቶቹ እስካሁን በላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው። በዚህ ሰሞን የደሴ ሌሊት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቤቱ ክፍት የሆነው በርና መስኮቱን እንዲሠራልኝ የተዋዋልኩት የኮምቦልቻ ድርጅት ሥራውን ስላዘገየ አይደለም። ድርጅቱ «እኛ ከአንተ ጋር ውል የለንም» ስላለኝ ነው።

እንደዚህ ያሉ ድርጅቶችን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ዋናው መንገድ ዳር ትልቅ ታፔላ አላቸው፤ በሩ ላይ የተሠራ መስኮት በናሙና ይደረደራል፤ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ የሽያጭ ኃላፊ፣ ጓሮ ደግሞ የብየዳ ድምፅ አለ። ታኅሣሥ 12 ቀን ስገባ ጸሐፊዋን «የአልሙኒየም በርና መስኮት ማዘዝ ፈልጌ ነበር» ስላት «ኃላፊው ጋ ይግቡ» ብላ በእጇ አመለከተችኝ። ኃላፊው የድርጅቱ አርማ ያለበትን ካኒቴራ ለብሶ፣ ከበስተኋላው የድርጅቱ የንግድ ፈቃድ በመስታወት ተሰቅሎ፣ ጠረጴዛው ላይ የድርጅቱን ማኅተም አስቀምጦ ተቀበለኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ልኬቱን ወስዶ ዋጋውን 486,000 ብር አድርጎ ተስማማን፤ ግማሹን 243,000 ብር ቅድሚያ እንድከፍል፣ ቀሪውን ሲገጠም እንድጨርስ፣ ሥራውም በ60 ቀን እንዲያልቅ ተጻፈ። ልጄና አንድ ጎረቤቴ በምስክርነት ፈረሙ፤ እሱም ፈርሞ ማኅተሙን መታበት።

ከቅድሚያው 100,000 ብሩን በድርጅቱ ሂሳብ አስገባሁ። ቀሪውን 143,000 ብር ግን «አልሙኒየሙን ነገ ከአዲስ አበባ ማስጫን አለብኝ፤ በድርጅቱ ሂሳብ ከገባ ወጪ እስኪፈቀድ ሳምንት ይፈጃል» ብሎ በራሱ ስም ባለ ሂሳብ እንዳስገባለት ጠየቀኝ፤ እኔም አስገባሁለት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን «ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ትናንት ቀኑ ደርሶ ብሄድ የሽያጭ ኃላፊው ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። «እሱ ከጥር ጀምሮ የለም» አለኝና ወደ ሥራ አስኪያጁ መራኝ። ሥራ አስኪያጁ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይለኝ የያዝኩትን ውል ተቀበለና ወደ መጀመሪያው ገጽ ሄደ። ጣቱን ያሳረፈበትን ቦታ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የድርጅቱ ስም ከተጻፈበት ቀጥሎ «የውክልና ቁጥር» የሚል መስመር አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነጠብጣብ ብቻ ነው። «ቀን» ይላል፤ እዚያም ነጠብጣብ ነው። እኔ ውሉን በፈረምኩበት ዕለት ዓይኔ ያረፈው ዋጋውና የመስኮቶቹ ስፋት ላይ ነበር እንጂ እነዚያን ነጠብጣቦች አላየኋቸውም።

ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ደብዳቤ አወጣ። ሰውየው እስከ 150,000 ብር የሚደርስ ሽያጭ እንዲዋዋል የተሰጠው ውክልና ነበረው፤ ውክልናው ግን ኅዳር 20 ቀን ተሽሯል። እኔ የተዋዋልኩት ከ22 ቀን በኋላ ነው። «ይህን መሻር ለማን አሳወቃችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለባንካችን» አለኝ። «ታዲያ እስከ ጥር ድረስ እዚህ ወንበር ላይ ማን አስቀመጠው? ማኅተሙንስ ለምን አልተቀበላችሁትም?» ስለው ወረቀቴን አጣጥፎ መለሰልኝና «ጋሼ፣ መምህር አይደሉም እንዴ? ማንበብ ነበረብዎት» አለኝ። ጸሐፊዋ፣ ያችው ወደ ኃላፊው ያመለከተችኝ ልጅ፣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ስለ 100,000 ብሩ ስጠይቀው ገንዘቡ ሂሳባቸው ውስጥ መግባቱን አልካደም። «ከማን እንደመጣ ያልታወቀ ገቢ ብለን ይዘነዋል፤ ሂሳብ ሲመረመር ይታያል» አለ። የባንኩ ደረሰኝ ላይ ስሜ በግልጽ ተጽፏል።

ማታ ደሴ አንድ የማውቀው ጠበቃ ጋ ሄጄ ወረቀቱን አሳየሁት። ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፈው፤ ከእኔ ጉዳይ ይልቅ ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነውና። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2190 መሠረት ሥልጣኑን አልፎ ወይም ሥልጣኑ ከተቋረጠ በኋላ የተዋዋለ ወኪል የፈጸመውን ውል ወካዩ ከፈለገ ያጸድቀዋል፣ ካልፈለገ አይቀበለውም። ሥራ አስኪያጁ «ውል የለንም» ሲል የተመረኮዘው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል መሆኑን ጠበቃው አልሸሸገኝም። ያላነበበው ግን አንቀጽ 2195ን ነው። ወካዩ ውክልና መስጠቱን አሳውቆት ለነበረ ሦስተኛ ወገን መሻሩን ሳያሳውቅ ከቀረ፣ የተሻረውን የውክልና ወረቀት ለማስመለስ የሚገባውን ካላደረገ፣ ወይም በንግግሩም ሆነ በዝምታው ሌላው ሰው ስለ ሥልጣኑ እንዲሳሳት ካደረገ ከወኪሉ ጋር በአንድነት ተጠያቂ ይሆናል። የተሻረን ሰው በአርማው፣ በማኅተሙና በወንበሩ ላይ እንዳለ እስከ ጥር ድረስ ከማስቀመጥ የበለጠ ደግሞ ምን ዝምታ አለ? ጸሐፊዋ «ኃላፊው ጋ ይግቡ» ማለቷ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ሆነ፤ ልጄም ሰምቷል።

ስለ 143,000 ብሩ ግን ጠበቃው ፊቱን አጨፈገገ። ገንዘብ በግለሰብ ሂሳብ ያስገባ ሰው «ከድርጅቱ ጋር እንደምዋዋል በቅን ልቦና አምኜ ነበር» ሲል ዳኛው «ታዲያ ለምን ለድርጅቱ አልከፈልክም?» ብሎ እንደሚጠይቀው ነገረኝ። ያንን ገንዘብ በዋናነት ከሰውየው መጠየቅ ሊኖርብኝ ይችላል፤ ሰውየው ደግሞ ስልኩ ዝግ ነው። የድርጅቱ ሂሳብ ውስጥ የተቀመጠው 100,000 ብር ግን የተለየ ነው፤ ውሉን አንቀበልም ካሉ የውሉን ገንዘብ ይዘው መቆየት አይችሉም፤ ይህንን በጽሑፍ እንድጠይቃቸው መክሮኛል። ዛሬ ጠዋት ማስጠንቀቂያውን ይዤ ብሄድ ለመቀበል አንፈርምም ስላሉኝ ፖስታ ቤት ሄጄ በሪኮማንዴ ልኬዋለሁ።

እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱን አይታችሁ የሥራ አስኪያጁን ስም ከሚፈርምላችሁ ሰው ስም ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ የውክልናውን ቅጂ ጠይቁ፤ የገንዘብ ጣሪያ ካለው አንብቡ፤ ውክልናውን ያረጋገጠው መሥሪያ ቤትም ሄዳችሁ አለመሻሩን ጠይቁ። ነጠብጣብ ባለበት ውል ላይ አትፈርሙ፤ በሰው ስም ባለ ሂሳብም አንድ ብር አታስገቡ። ከኅዳር 20 በኋላ ከዚሁ ሰው ጋር የተዋዋላችሁ ካላችሁ ውላችሁን አውጡና የመጀመሪያውን ገጽ እዩት፤ አብረን ብንጠይቅ ይሻላልና በዚህ ጻፉልኝ።