ቱቦ ያለው ሁድ ወይስ በከሰል የሚያጣራው? ለጠባብ ኩሽና የቱን እንግዛ?

ከምድጃ በላይ ሆኖ ጭስ የሚስበው ሁድ ጉልበቱ ሲደክም ብዙ ሰው አዲስ ለመግዛት ይነሳል። ሻጩም ሞተሩ ጠንከር ያለውን ያሳየዋል። ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን ቅባት የሚይዘውን ፊልተር አውልቀው ሁዱን ያብሩት፤ ሶፍት አጥብቀው ይዘው አየር ወደሚስብበት አፍ ጠጋ ያድርጉ።

ሶፍቱን አሁን በደንብ ከሳበው ችግሩ ፊልተሩ ነው። በሞቀ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። በለስላሳ ብሩሽ ያሹት፣ በደንብ ሳይደርቅ አይመልሱት። በረኪና አይንኩ፤ አሉሚኒየሙን ያበላሸዋል። ቁሌት በየቀኑ በሚቁላላበት ቤት በወር አንዴ ማጠብ አይበዛም።

ፊልተሩ ወልቆም ካልሳበ በሩን ወይም መስኮቱን ገርበብ ያድርጉ። የተዘጋ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ሁዱ የሚስበው አየር ያጣል። ይህም ካልለወጠው ወደ ቱቦው ይሂዱ።

ካዛንቺስ አንድ አፓርታማ ውስጥ ያየሁት እንዲህ ነበር። የሁዱ መውጫ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ገጣሚው ግን ባለ 10 ቱቦ ሰክቶበታል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ የአየሩ መተላለፊያ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። በዚያ ላይ የሚተጣጠፈው ቱቦ ሦስት ቦታ ታጥፎ መሃሉ ረግቧል፤ የረገበው ላይ ዘይት ተጠራቅሟል። ጫፉ ላይ ያለችው መዝጊያም በቅባት ተጣብቃ አትከፈትም። እዚህ ቤት የፈለጉትን ሞተር ቢገዙ ትርፉ ጩኸት ነው። ባለ 15 ቀጥ ያለ ቱቦ ተገጠመ፣ መዝጊያዋ ተጸዳች፣ አሮጌው ሁድ እንደገና ሳበ።

አሁን ወደ ምርጫው። ቱቦ ያለው ጭሱንም እንፋሎቱንም ሽታውንም ከቤት ያስወጣል። ቅቤ ለሚያነጥር፣ ቡና ለሚቆላ ቤት ተወዳዳሪ የለውም። ግን የውጭ ግድግዳ መብሳት ይጠይቃል። የመታጠቢያ ቤቱ የጋራ አየር ማውጫ ውስጥ አስገቡት የሚል ገጣሚ ካጋጠመዎ እምቢ ይበሉ፤ ሽንኩርትዎ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ቤት ይገባል።

የከሰሉ ሁድ ግድግዳ አይነካም፣ ለተከራይ ይመቻል። ሽታ ይቀንሳል፤ እንፋሎቱንና ሙቀቱን ግን መልሶ እዚያው ኩሽና ውስጥ ይለቃል። ከሰሉ በአብዛኛው አይታጠብም፤ እንደ አጠቃቀሙ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይቀየራል። ስለዚህ ሁዱን ሳይሆን መጀመሪያ የመለዋወጫውን ከሰል ዋጋ ይጠይቁ። ሱቁ ከሰሉን ካልያዘ፣ እኔ ብሆን ያንን ሞዴል አልገዛም።

የራስዎ ቤት ሆኖ ኩሽናው የውጭ ግድግዳ ካለው ቱቦውን ይምረጡ። ከተከራዩ፣ በሁለቱም መንገድ የሚሠራውን ይፈልጉ፤ ነገ ቤት ሲቀይሩ ቱቦ ይቀጥሉበታል። ያን ጊዜ ከሰሉን ማውጣት አይርሱ፤ እዚያው ከተረሳ መሳቡን ያዳክመዋል።