የሽያጭ ደብተር ወይስ ሰው ማናገር? የደንበኛ ፐርሶና ስንሰራ ያየነው

አዳማ ላይ ትንሽ የትምህርት ቁሳቁስ ሱቅ አለችን፣ ፐርሶና፣ ማለትም ደንበኞቻችን ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ የሚያሳይ መግለጫ፣ እንስራ ስንባባል እኔ የሽያጭ መዝገቡን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ እህቴ ደግሞ ሰው ማናገር ይሻላል ብላ ወጣች።

የነሐሴና የመስከረምን ሽያጭ ቀን፣ ዕቃ፣ ብዛት እያልኩ ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት። በደርዘን የሚገዛ አለ፣ አንድ ሁለት ደብተር የሚገዛ አለ። በደርዘን የሚገዛውን "ብዙ ልጅ ያለው ወላጅ" ብዬ ሰየምኩት፣ እህቴ ከእነሱ ስምንቱን ስታናግር ግን ግማሾቹ አትርፈው የሚሸጡ የሰፈር ባለሱቆች ሆነው አረፉት! ምልክቱ እኮ መዝገቡ ላይ ነበር፣ ወላጅ ከደብተር ጋር ላጲስም መቅረጫም ልባስም ይወስዳል፣ ባለሱቁ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ይዞ ይሄድና በሳምንቱ ይመለሳል።

ሰው ማናገርም የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም "ጥራት ነው የማየው" ይላል፣ መጀመሪያ የሚያልቀው ግን ርካሹ ደብተር ነው። ስለዚህ "ምን ትፈልጋላችሁ" ከማለት "ባለፈው መጥታችሁ ምን ገዛችሁ፣ ለምን ተመለሳችሁ" ማለት ይሻላል። አንዲት እናት እንደዛ ስትጠየቅ ነው "መምህሩ ዝርዝሩን የሰጡን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው" ያለችው፣ የመስከረም ጥቃቅን ግዢ ምክንያቱ ያኔ ገባኝ።

እኔ አሁንም መዝገቡን አስቀድማለሁ፣ ማንን እንደምናናግር የሚመርጥልን እሱ ነው። የፈለገውን አጥቶ ባዶ እጁን የወጣው ሰው ግን እዛ ላይ የለም፣ እሱን በር ላይ መጠየቅ ነው።