ሁለት ቋንቋ በአንድ ካሩሰል፦ እኩል ወይስ አንዱ መሪ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚሄድ የጀልባ ጉዞ የኢንስታግራም ካሩሰል፣ ማለትም በጣት እየተገፋ የሚታይ ባለብዙ ስላይድ ፖስት፣ ስትሠሩ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው በየስላይዱ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በእኩል መጠን መደርደር ነው። ማንም አይቀርበትም፤ ግን የሁለቱም ፊደል ያንሳል፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ፎቶም በጽሑፍ ይሸፈናል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፦ አንዱ ይምራ። ደንበኛችሁ በብዛት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ርዕሱ በአማርኛ ጎላ ብሎ ይጻፍ፤ እንግሊዝኛው ከሥሩ በግማሽ መጠን፣ በአንድ መስመር፣ በሁሉም ስላይድ እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጥ። የውጭ ጎብኚ ከበዛ ይገልበጥ። ዝርዝር የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ካለ ከምስሉ ወጥቶ ከፖስቱ ሥር ይግባ። ስልክ ቁጥርና በብር የተጻፈ ዋጋ መደገም የለባቸውም፤ አንዴ ከተጻፉ ለሁሉም ይነበባሉ።

ሰዓት ግን የግድ ሁለቴ ይጻፋል። «መነሻ 2፡00» ብቻ ብትሉ የአገሬው ሰው ጠዋት ይደርሳል፤ የውጭ እንግዳው ግን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጀልባዋ ከሄደች ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ወደቡ ላይ ይገኛል። ስለዚህ በአማርኛው መስመር «ጠዋት 2፡00»፣ በእንግሊዝኛው 8:00 AM ይሁን። ክብራን ገብርኤልን ከጨመራችሁም ገዳሙ ሴቶችን እንደማያስገባ በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ፤ ይህን ማሳጠር አይገባም።