በባንክ መቆየት ወይስ ለተሻለ ደመወዝ መልቀቅ?

አንድ የባንክ ባለሙያ 30,000 ብር እየተከፈለው ሌላ ድርጅት 38,000 ብር አቀረበለት እንበል።

መልቀቅ፦ ከ8,000 ብሩ ጭማሪ 35 በመቶ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 4,640 ብር ነው። ሙሉው ከተቆጠበ በዓመት 55,680 ብር ይሆናል፤ ቀጣዩ የመቶኛ ጭማሪም ከፍ ባለው አዲስ ደመወዝ ላይ ይሰላል። የጡረታ አገልግሎት ዘመኑም አይቋረጥም።

መቆየት፦ የደመወዝ ዕድገቱ አዝጋሚ ቢሆንም፣ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ባንኩ ለሠራተኞቹ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድር አለ። ቀሪ ዕዳው 1,000,000 ብር፣ ወለዱ 7 በመቶ ቢሆንና ሲለቅ በውሉ መሠረት ወደ 16 በመቶ ቢያድግ፣ በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ ብቻ በወር 7,500 ብር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ደመወዙ አድጎ ሳለ ኪሱ በወር 2,860 ብር ይጎድላል፤ የሚቆጥበው ቀርቶ የነበረውን ቁጠባ መንካት ይጀምራል። በእኔ እምነት የብድር ውሉ ከቅጥር ደብዳቤው በፊት መነበብ አለበት።

ብድር ለሌለበት ወይም ዕዳው ወደ 500,000 ብር ለወረደ ሰው መልቀቁ ያዋጣል፤ ብድሩን በቅርቡ የወሰደ ግን ቢቆይ ወይም ልዩነቱን የሚሸፍን ደመወዝ ቢደራደር ይሻለዋል። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ በመሆኑ፣ ወደ ጡረታ መውጫው ለተቃረበ ሰው ጭማሪው ተጨማሪ ክብደት አለው።